እጅ ሲቆረጥ የእጁ ካርታ የት ይሄዳል?

ክንዱ ከክርኑ በላይ የተቆረጠ ሰው፣ ቁስሉ ድኖ ዓመታት ካለፉ በኋላም ቢሆን፣ እጁ አሁንም በቦታው እንዳለ ሊሰማው ይችላል። አውራ ጣቱ ወደ መዳፉ ታጥፎ ይሰማዋል፣ ትንሿ ጣቱን ይበላዋል፣ መዳፉ ይሞቀዋል። ዓይኑ ግን እጁ እንደሌለ ያያል፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። በሕክምናው ቋንቋ ይህ የሌለ አካል ስሜት ፋንተም ይባላል። የሚታየው በጥቂት እንግዳ ሰዎች ላይ ብቻ አይደለም፤ እጅ ወይም እግር ከተቆረጠባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሆነ መልኩ ያውቁታል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ስሜቱ ብቻ ሳይሆን ሕመም አለባቸው፦ የሌለው እጅ ይቃጠላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ወይም ጣቶቹ ተጨብጠው አልፈታ ይላሉ። ፈረንሳዊው የጦር ሜዳ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለዚህ ሕመም ጽፏል። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል ደግሞ በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ካከመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1871 ዛሬ የምንጠቀምበትን ስያሜ ሰጠው።

ባለፉት አርባ ዓመታት በዚህ ጉዳይ ላይ የተካሄደው ክርክር የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። አንጎል ውስጥ ለእጅ የተመደበ ቦታ አለ፤ እጁ ሲቆረጥ ያ ቦታ ምን ይሆናል? ለረጅም ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ሲሰጥ የኖረው መልስ ጎረቤት የሆነው የፊት ካርታ ቦታውን ይወርሰዋል የሚል ነበር። ይህ መልስ ከየት እንደመጣና ዛሬ ለምን በሰፊው እንደሚጠየቅ ለመረዳት በመጀመሪያ ካርታው ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ከአንዱ ጆሮ ተነስቶ በአናት በኩል ወደ ሌላው ጆሮ የሚያልፍ መስመር ቢታሰብ፣ በግምት ከዚያ መስመር በታች በአንጎል ቅርፊት ላይ በግራም በቀኝም አንድ ረጅም እጥፋት ይገኛል። ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚነሱ የስሜት መልእክቶች በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል ግንድ አልፈው፣ ታላመስ በተባለው የአንጎል ውስጣዊ ክፍል በኩል ወደዚህ እጥፋት ይደርሳሉ። የቀኝ አካል መልእክት ወደ ግራው፣ የግራ አካል መልእክት ወደ ቀኙ የአንጎል ክፍል ይሄዳል። መልእክቶቹ በዘፈቀደ አይበተኑም፤ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች ከሚተያዩበት የውስጥ ገጽ በእግር ጀምሮ ወደ ላይና ወደ ጎን ሲወረድ ጭን፣ የሰውነት ግንድ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ እጅ፣ ከትንሿ ጣት እስከ አውራ ጣት ያሉት ጣቶች፣ ከዚያም ፊት፣ ከንፈርና ምላስ በተርታ ይከተላሉ። ስፋቱ የሚወሰነው በአካሉ መጠን ሳይሆን በስሜቱ ረቂቅነት ነው፤ ስለዚህ ከንፈርና ጣቶች ሰፊ ቦታ ሲይዙ መላው ጀርባ በጠባብ ቦታ ይወሰናል። ለቀጣዩ ታሪክ መያዝ ያለበት ነገር የእጅ ጎረቤት ማን እንደሆነ ነው። በሰውነታችን ላይ እጅና ፊት የተራራቁ ናቸው፤ በካርታው ላይ ግን አውራ ጣትና ፊት ድንበርተኛ ናቸው።

ይህን ቅደም ተከተል በሰው ላይ በዝርዝር ያሳየው በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዊልደር ፔንፊልድ ነው። ፔንፊልድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች በቀዶ ሕክምና ሲያክም የራስ ቅላቸውን የሚከፍተው አካባቢውን ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለነበር ታካሚዎቹ ነቅተው ያነጋግሩታል። የአንጎል ሥጋ ራሱ ሕመም አይሰማውም። በኤሌክትሮድ ቅርፊቱን በቀላል ኤሌክትሪክ ሲነካ፣ ታካሚው የት ምን እንደተሰማው ይናገራል፣ ነጥቡም በቁጥር ይመዘገባል። ከሥራ ባልደረባው ኤድዊን ቦልድሬ ጋር እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ የእነዚህን ምልከታዎች ውጤት አቀረበ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ሐኪሙ የነካው አንጎልን ነው፤ ታካሚው የተሰማው ግን ጣቱ ላይ ነው። ማንም ጣቱን አልነካውም። ስለዚህ ያ የቅርፊት ነጥብ በማንኛውም ምክንያት ቢነሳሳ፣ ባለቤቱ ስሜቱን የሚያገኘው ከጣቱ እንደመጣ አድርጎ ነው። ጣቱ በእርግጥ ባይኖርስ? በመርህ ደረጃ ልዩነት የለውም፤ ፋንተም ሊኖር የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ካርታው በልጅነት ተቀርጾ ለዘለዓለም የሚጸና ነው የሚለው እምነት መናወጥ የጀመረው በጦጣዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ማይክል መርዘኒችና ባልደረቦቹ የጦጣን መሃል ጣት በቀዶ ሕክምና ካስወገዱ በኋላ፣ ከወራት ቆይታ በኋላ በቀጭን ኤሌክትሮድ የቅርፊቱን ሴሎች አንድ በአንድ እየፈተሹ የካርታውን ሁኔታ መረመሩ። የመሃል ጣት የነበረው ቦታ ጸጥ አላለም፤ በግራና በቀኝ ያሉት ጣቶች ሲነኩ ምላሽ ይሰጥ ነበር። ለውጡ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር የሚያልፍ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 ቲሞቲ ፖንስና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ውጤት ይህን ገደብ የጣሰ መሰለ። የተመረመሩት፣ ከአንድ ክንዳቸው ስሜት ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚያስገቡ ነርቮች ከ12 ዓመታት በፊት የተቆረጡባቸው ጦጣዎች ናቸው። ክንዳቸው በቦታው አለ፤ መልእክቱ ግን ወደ አንጎል አይደርስም። ለክንድና ለእጅ የተመደበው ሰፊ ቦታ፣ ከ10 እስከ 14 ሚሊሜትር በሚደርስ ርቀት፣ በሙሉ የፊታቸው የታችኛው ክፍል ሲነካ ምላሽ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ።

የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ቪላያኑር ራማቻንድራን ይህን ሲያነብ አንድ ቀላል ፈተና ታየው። የእጅ ቦታ አሁን ለፊት የሚመልስ ከሆነ፣ እጁ የተቆረጠ ሰው ፊቱ ሲነካ እጁ ላይ ሊሰማው ይገባል። በመኪና አደጋ ግራ ክንዱን ከክርኑ በላይ ያጣና ከተቆረጠ አራት ሳምንት ገደማ የሆነው የ17 ዓመት ወጣት አገኘ። ወጣቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ተመራማሪው በጥጥ ጫፍ የሰውነቱን ልዩ ልዩ ቦታዎች በቀስታ ይነካና ምን እንደተሰማውና የት እንደተሰማው ይጠይቀዋል። አብዛኛው ቦታ ሲነካ መልሱ የተለመደ ነው። የግራ ጉንጩ ሲነካ ግን ጉንጩ ላይ ከሚሰማው በተጨማሪ የሌለው አውራ ጣቱ እንደተነካ ተናገረ፤ ጥጡ ፊቱ ላይ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ደግሞ ሌላ ጣት ይሰማው ነበር። ግልጽ ሆኖ የተለየ ሁለተኛ የእጅ ካርታም በቀረው ክንዱ ላይ፣ ከተቆረጠበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሞቅ ያለ ውኃ በፊቱ ላይ ሲወርድ ሙቀቱ በሌለው እጁ ላይ ጭምር ተሰማው። ፊትና የላይኛው ክንድ በአንጎል ካርታ ላይ የእጅ ግራና ቀኝ ጎረቤቶች ስለሆኑ፣ ውጤቱ ከጦጣዎቹ ጋር እጅግ የሚገጥም ሆነ። ከአራት ሳምንት በኋላ መታየቱ ደግሞ አዲስ ነርቭ በረጅሙ አድጎ ሳይሆን ቀድሞ የነበረ፣ ግን የተደበቀ ግንኙነት ወደ ላይ ወጥቶ ነው ለሚሉት አሳማኝ ማስረጃ መሰላቸው።

የመጨረሻውን ማኅተም ያሳረፈው ሕመምን የሚመለከተው ጥናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ኸርታ ፍሎርና ባልደረቦቿ እጃቸው የተቆረጡ 13 ሰዎችን በማግኔታዊ መለኪያ መርምረው፣ የከንፈር ካርታ ወደ እጅ ቦታ የገፋ በመሰለ መጠን የፋንተም ሕመሙም እየበረታ እንደሚሄድ ዘገቡ። ሦስቱ ቁራጮች ተገጣጠሙ፦ ጎረቤት ባዶውን ቦታ ይወርሳል፣ ወረራው ፋንተምን ይፈጥራል፣ ወረራው ሲበዛ ሕመም ይሆናል። ከዚያም የሕክምናው አቅጣጫ ተከተለ፤ ካርታው ወደ ቀድሞ ቦታው ቢመለስ ሕመሙ ይሻላል ተባለ። እኔ እስከማውቀው በነርቭ ሳይንስ ውስጥ እንደዚህ ንጹሕና ለመናገር የተመቸ ታሪክ ብዙ የለም፤ ምናልባትም ያን ያህል ሳይመረመር የቆየው በዚሁ ምቾቱ ነው።

ክፍተቱ የነበረው በአለካኩ ላይ ነው። እነዚህ ጥናቶች በሙሉ የእጅን ቦታ የጠየቁት ጎረቤቶቹን በመንካት ነበር፤ እጁን መንካት ስለማይቻል የእጁን መልስ የጠየቀ የለም። ነገር ግን ፋንተም እጅ ያላቸው ብዙ ሰዎች ያን እጅ ማንቀሳቀስ ይችላሉ። ይህ እጅን በሐሳብ መሳል ማለት አይደለም። የሌለውን ጣት እጠፍ ሲባሉ ጥረት ይሰማቸዋል፣ ሲያጥፉ ቀስ ይላሉ፣ በቀረው ክንድ ውስጥ ያሉት ጡንቻዎችም በትክክል ይኮማተራሉ፤ ስለዚህ ተመራማሪው ኤሌክትሮድ ለጥፎ ሰውየው በእርግጥ እየሞከረ መሆኑንና እያሰበ ብቻ አለመሆኑን መለየት ይችላል። ታማር ማኪንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ አደረጉ። እጃቸው የተቆረጡ ሰዎች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው የሌለውን እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ሲጠየቁ፣ ለእጅ የተመደበው የቀድሞ ቦታ በግልጽ ሠራ። ይባስ ብሎም የረጅም ጊዜ ፋንተም ሕመም የበረታባቸው ሰዎች የእጅ ቦታ ይበልጥ ንቁና በአወቃቀሩም ይበልጥ የተጠበቀ ነበር፤ የወረራው ታሪክ የሚጠብቀው ግን ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዚሁ ቡድን የወጣ ሌላ ጥናት፣ እጅግ ጥርት ያለ ምስል በሚሰጥ ኤምአርአይ፣ እጃቸውን ካጡ አሥርት ዓመታት ባለፏቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ የእያንዳንዱ ጣት ቦታ በቅደም ተከተሉ እንዳለ አሳየ።

ታዲያ የፊት ወረራ እንዴት ሊታይ ቻለ? ይህን ለመረዳት ካርታ እንዴት እንደሚሳል በአንድ ነጥብ ላይ መከተል ይጠቅማል። በእጅ ቦታ መካከል ያለች አንዲት ትንሽ የቅርፊት ነጥብ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ የተመረጡ ናቸው። እጅ ሲንቀሳቀስ ነጥቧ 10 ያህል ምላሽ ትሰጣለች፤ ከንፈር ሲንቀሳቀስ 2፣ እግር ሲንቀሳቀስ 1። የአንጎል ነጥብ ለአንድ አካል ብቻ አይመልስም፤ ለሌሎቹም ደካማ ምላሽ አለው። ካርታ የሚሳለው ግን ብዙውን ጊዜ አሸናፊው ሁሉን ይወስዳል በሚባል ሥርዓት ነው፦ ከሁሉ የበለጠ ምላሽ ያስገኘው አካል ነጥቧን በሙሉ በስሙ ያስመዘግባል። ነጥቧ የእጅ ተብላ ትቀባለች፤ የከንፈሩ 2 ይጠፋል። አሁን እጁ ተቆረጠ። ተመራማሪው ከንፈርንና እግርን ይፈትሻል፤ እጁን መፈተሽ ስለማይችል በዝርዝሩ ውስጥ አያስገባውም። ከንፈር እንደ ቀድሞው 2፣ እግርም እንደ ቀድሞው 1 ያመጣሉ። አሸናፊው ከንፈር ሆነ፤ ነጥቧ የከንፈር ተብላ ተቀባች። በካርታው ላይ ከንፈር ወደ እጅ ግዛት ገባ፤ በአንጎሉ ውስጥ ግን አንድም ነገር አልተለወጠም። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ሲጮህ የሌላው ሹክሹክታ አይሰማም፤ ጯሂው ዝም ሲል ሹክሹክታው ይሰማል እንጂ ሹክ ባዩ የጯሂውን ወንበር ወሰደ አይባልም። ማኪን በዚያው ዝርዝር ውስጥ የፋንተም እጁን እንቅስቃሴ ስታስገባ ነጥቧ እንደገና የእጅ ሆነች።

ይህ ክርክር ያኔም ቢሆን አንድ ጉድለት ነበረበት። የተጠኑት ሁሉ እጃቸው ከተቆረጠ በኋላ የተመረመሩ ሰዎች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ካርታ ከመቆረጡ በፊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ስላልነበረ ንጽጽሩ የተደረገው ሁለት እጅ ካላቸው ሌሎች ሰዎች ጋር ነበር። የአንዱ ሰው ካርታ ከሌላው ይለያያል፤ ትንሽ ለውጥ በዚህ ልዩነት ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል። ትክክለኛው ፈተና ያንኑ ሰው በፊትና በኋላ ማየት ነው፤ ይህም አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው እጅ የሚጠፋው በድንገተኛ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው የኸንተር ሾን፣ የክሪስ ቤከር፣ የማኪንና የባልደረቦቻቸው ጥናት ይህን ዕድል አገኘ። በሕክምና ምክንያት ክንዳቸው እንዲቆረጥ ቀጠሮ የተያዘላቸው ሦስት ሰዎች ከመቆረጡ በፊት ጣቶቻቸውንና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በኤምአርአይ ተመረመሩ፤ ከተቆረጠ በኋላም ያንኑ ሥራ፣ በፋንተም ጣቶቻቸው፣ በተደጋጋሚ ሠሩ፤ ረጅሙ ክትትል 5 ዓመት ደርሷል።

የተመራማሪዎቹ ፈተና ጥብቅ ነበር። አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከመቆረጡ በፊት በተገኘው ምስል ብቻ የትኛው የአንጎል እንቅስቃሴ ቅርጽ የትኛው ጣት እንደሆነ እንዲማር አደረጉት። ከዚያም ከተቆረጠ በኋላ የተወሰደውን ምስል ሰጥተው አሁን የተንቀሳቀሰው የትኛው የሌለ ጣት ነው ብለው ፈተኑት። ካርታው ተበላሽቶ ወይም ተፈናቅሎ ቢሆን ኖሮ የቀድሞው ትምህርት ባልሠራ ነበር። ፕሮግራሙ ግን የሌሉትን ጣቶች ለየ። የከንፈር ካርታም ወደ እጅ ቦታ አልተስፋፋም። ሦስት ሰው ትንሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥያቄው ካርታው በእርግጥ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም የሚል ሲሆን፣ በፊትና በኋላ የታየ አንድ ያልፈረሰ ካርታ እንኳ ትልቅ ሚዛን አለው። በሦስቱም ላይ ያው ውጤት መገኘቱ ደግሞ የወረራውን ታሪክ ለሚደግፉ ሰዎች ከባድ የማስረዳት ዕዳ ይጥላል።

ይህ ሲባል የጦጣዎቹ ውጤት ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። እነዚያ ሴሎች ፊት ሲነካ በእርግጥ ይመልሱ ነበር። የሚጠየቀው ለውጡ የተከሰተው የት ነው የሚለው ነው። የፊትና የእጅ መልእክቶች ቅርፊቱ ላይ ከመድረሳቸው በፊት በአንጎል ግንድ ውስጥ እጅግ ተቀራርበው ያልፋሉ፤ በዚያ ጥቂት የነርቭ ጭራዎች ከፊት መስመር ወደ እጅ መስመር ቢሻገሩ፣ በላይ ባለው ቅርፊት ላይ ብዙ ሚሊሜትር የሚያህል ለውጥ መስሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሕንድ ተመራማሪዎች ሥራ ይህንን በቀጥታ ፈተነ። የስሜት መንገዳቸው በሕብለ ሰረሰር ላይ የተቆረጠባቸውና የእጅ ቦታቸው ለአገጭ ምላሽ መስጠት የጀመረ ጦጣዎችን ወስደው፣ መጀመሪያ መደበኛውን የፊት ቅርፊት በማደንዘዣ ጸጥ አደረጉት። በእጅ ቦታ የሚታየው የአገጭ ምላሽ አልጠፋም። ቀጥለው በአንጎል ግንድ ውስጥ የእጅ መልእክት የሚያርፍበትን የሴሎች ስብስብ ጸጥ ሲያደርጉት ግን ምላሹ ጠፋ። ስለዚህ በቅርፊቱ ላይ የታየው ለውጥ በዋናነት ከታች የመጣ ነበር እንጂ ጎረቤት ቅርፊት ድንበር ጥሶ አልገባም። በሌላ አነጋገር፣ አንድ የቅርፊት ነጥብ ለአዲስ መነካት መመለሷ፣ ስለ ምን እንደምትናገር ተለውጧል ማለት አይደለም። ፊት ሲነካ የእጅ ነጥብ ብትነሳሳ ባለቤቱ የሚሰማው እጁን ነው፤ የወጣቱ ጉንጭና አውራ ጣት ጉዳይ በጥንቃቄ ሲታይ የሚያረጋግጠውም ይህንኑ ነው። የእጅ ካርታው ፈርሶ የፊት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ጉንጩ ሲነካ የሚሰማው ጉንጩ ብቻ በሆነ ነበር። አውራ ጣቱ የተሰማው የአውራ ጣቱ ነጥብ አሁንም የአውራ ጣት ስለሆነች ነው። በነገራችን ላይ ከፊት ወደ እጅ የሚዘዋወረው ይህ ስሜት በሁሉም ዘንድ አይገኝም፤ ሲገኝም ከጊዜ ጋር ሊለዋወጥ ይችላል፣ እንዲህ ይሰማሃል ወይ ተብሎ የሚጠየቅ ሰውም በጥያቄው ሊመራ ስለሚችል ፈተናው ላይ ጥንቃቄ ያሻል።

የሕመሙ ነገር ከዚህ በኋላ አዲስ ቦታ መፈለግ ነበረበት። በመጀመሪያ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እጁ የተቆረጠ ሰው ያመኛል ሲል የሚያመው የሌለው እጅ ነው ወይስ የቀረው ክንድ? ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ ሐኪም ካልጠየቀ ይደባለቃሉ። ነርቭ ሲቆረጥ ጫፉ አርፎ አይቀመጥም፤ ለማደግ ይሞክራል፣ የሚይዘው ሲያጣ ተጠቅልሎ ኒውሮማ የሚባል እብጠት ይሠራል። ይህ እብጠት ማንም ሳይነካው ራሱ መልእክት ሊልክ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ በቀረው ክንድ ላይ አንዲቱን ቦታ በጣቱ መታ መታ ሲያደርጋት በሌለው እጅ ጣቶች ላይ ንዝረት ይሰማል፤ ይህ ከተገኘ የነርቩ ጫፍ አንዱ ምንጭ እንደሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው። ከእጅ የሚነሳ ማንኛውም መልእክት በካርታው ላይ የሚያርፈው በእጅ ቦታ ነውና፣ ከተቆረጠው ጫፍ የተነሳውም እንደ እጅ ሕመም ይሰማል።

ምንጩ ከነርቩ ከሆነ ነርቩ ሲደነዝዝ ሕመሙ መጥፋት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ኒልስ ቢርባውመርና ባልደረቦቹ የፋንተም ሕመም ባለባቸው 6 ሰዎች ላይ ወደ ክንድ የሚሄዱትን ነርቮች በብብት አካባቢ በማደንዘዣ ዘጉ። በ3ቱ ሕመሙ ለጊዜው ጠፋ፣ በ3ቱ ግን አልተለወጠም። ሁለቱም ውጤቶች ትምህርት አላቸው። በሦስቱ ሰዎች ሕመሙ በየደቂቃው ከታች በሚመጣ መልእክት ይመገብ ነበር። የቀሩት ሦስቱ ሲታዩ ደግሞ ምንጩ ከማደንዘዣው በላይ፣ ምናልባትም ለሕብለ ሰረሰር በቀረቡት የነርቭ ሴሎች ወይም ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ፋንተም ሕመም አንድ በሽታ አይደለም ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለአንዱ የሠራ ሕክምና ለሌላው አለመሥራቱም ሊያስደንቅ አይገባም።

በነርቭ ጫፍ ላይ የሚያተኩረው ሕክምና አሁን ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱ የተቆረጠውን ነርቭ በአቅራቢያው ወዳለ ጡንቻ ከሚሄድ ትንሽ የእንቅስቃሴ ነርቭ ጋር ማገናኘት ነው። ነርቩ የሚያድግበት አድራሻ ስላገኘ ተጠቅልሎ ኒውሮማ የመሥራት ዕድሉ ይቀንሳል። ቀዶ ሕክምናው ከመቆረጡ ጋር አብሮ ሊደረግ ይችላል፤ ቆይቶም ይደረጋል። በሌላ በኩል ራማቻንድራን ያስተዋወቀው የመስታወት ልምምድ አለ። ታካሚው መስታወት በሁለቱ ክንዶች መካከል ያቆማል፣ ጤነኛ እጁን እያየ ያንቀሳቅሳል፣ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ምስልም በሌለው እጅ ቦታ ላይ ይሆናል፤ የተጨበጠው ፋንተም ሲፈታ የሚሰማቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 እግራቸው በተቆረጠ ወታደሮች ላይ የተደረገ ትንሽ ሙከራ፣ በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ሳምንት መስታወት ያዩት ሁሉ ሕመማቸው መቀነሱን ሲናገሩ፣ መስታወቱ ከተሸፈነባቸው ውስጥ ግን የቀነሰላቸው ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል። ጉዳቱ ትንሽ፣ ወጪውም ጥቂት ስለሆነ መሞከሩ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ማለትም መስታወቱ የተዛባውን ካርታ ወደ ቦታው ይመልሰዋል የሚለው፣ ካርታው ካልተዛባ ሊቆም አይችልም። መስታወቱ የሚሠራ ከሆነ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው።

ካርታው ተጠብቆ መቆየቱ በተግባር የሚታየው ሰው ሠራሽ እጅ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ነው። በቀረው ክንድ ውስጥ ባሉት ነርቮች ዙሪያ ኤሌክትሮዶች ተቀምጠው በለስላሳ ኤሌክትሪክ ሲነኩ፣ እጁን ካጣ ዓመታት ያለፉት ሰው አሁን አውራ ጣቴ ተነካ፣ አሁን ሌባ ጣቴ ተነካ ብሎ ለይቶ ይናገራል። የትኛው ኤሌክትሮድ የትኛውን ጣት እንደሚያስነሳ ካወቁ በኋላ በሰው ሠራሹ እጅ ጣት ጫፍ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ ከዚያው ኤሌክትሮድ ጋር ያገናኙታል፤ ሰውየውም አንድን ዕቃ ሲጨብጥ በየትኛው ጣቱ ምን ያህል እንደጫነው ይሰማዋል። የእጁ ቦታ በፊት ካርታ ተይዞ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ነርቮች ሲነኩ ሊሰማው የሚገባው ጉንጩ ወይም ከንፈሩ ነበር። ያለ አንድ እጅ የተወለዱ ሰዎች ጉዳይ ግን የተለየ ነው፤ እጁ ከመጀመሪያውም መልእክት ስላልላከ በእነርሱ ዘንድ የእጅ ቦታ እጁን ተክተው ለሚሠሩ ሌሎች አካላት፣ ለምሳሌ ለእግር፣ ለከንፈርና ለቀረው ክንድ ምላሽ ሲሰጥ ይታያል። እንግዲህ ካርታው ከመጀመሪያው ሲቀረጽ ብዙ ሊለያይ ይችላል፤ በአዋቂነት ዕድሜ ከተቀረጸ በኋላ ግን እጁ ቢሄድም የእጁ ቦታ ይቆያል።